ጉንፋን ለቆ ሳል ሲቀር



በክረምት ወራት በየመሥሪያ ቤቱ «ጉንፋኑስ ለቆኛል፤ ሳሉ ግን እምቢ አለኝ» የሚል ሰው አይታጣም። ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ሳል ስለ ምን እንደሚዘገይና መቼ ወደ ሐኪም እንደሚያስኬድ ነው።

የአየር ቧንቧችን ውስጠኛ ገጽ በስስ ልባስ የተሸፈነ ነው። በዚህም ልባስ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ ሥራቸውም አቧራንና አክታን ወደ ላይ ጠርጎ ማውጣት ነው። የጉንፋን ተሐዋስያን ይህን ልባስ ይልጡታል። ሰውነታችን ተሐዋስያኑን በሳምንት ገደማ ድል ቢነሣም፣ የተላጠው ልባስ እስኪተካ ድረስ ግን ሳምንታት ያልፋሉ። እስከዚያው ድረስ ከሥሩ ያሉት ነርቮች ስለሚቈጡ፣ ብርድ አየር፣ የከሰል ጢስ፣ ረዥም ንግግር ወይም ሣቅ እንኳ ሳልን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ይህን ሳል በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለማጥፋት መሞከር ከንቱ ነው።

ለምሳሌ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሐምሌ 5 ቀን ጉንፋን ያዘው እንበል። ሐምሌ 12 ቀን ትኩሳቱና የአፍንጫው ፈሳሽ ቆመ፤ ደረቅ ሳል ግን ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን ሲደርስ ሁለት ሳምንት ሞላው። ሳሉ በየቀኑ እየቀነሰ ቢሄድም፣ ይህ ሰው በዚያ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል።

ከጉንፋን የተረፈ ሳል ሦስት ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ስምንት ሳምንት የሚቆይ ከሆነ፣ ስለ ምን በሁለት ሳምንት ይሄዳል ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ የሳንባ ነቀርሳ በአገራችን ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ መሆኑ ነው። እርሱም ሲጀምር ተራ ሳል ይመስላል። ስለዚህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው አክታውን እንዲመረመር የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ነቀርሳ አለመኖሩ ከታወቀ ሰውየው በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ቢገኝበት ግን ቤተ ሰቡንና የሥራ ጓደኞቹን ሳያስይዝ ሕክምና ይጀምራል።

ሁለት ሳምንት እንኳ የማያስጠብቁ ምልክቶች አሉ፤ እነዚህም ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ የሌሊት ላብና የሰውነት መክሳት ናቸው። ትኩሳት ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ ቢነሣም የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሌሊት ከሲርታ ጋር የሚመጣ ሳል ደግሞ አስም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም የመድኃኒቱን ስም ለሐኪሙ ይንገር፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ደረቅ ሳል ያመጣሉና። ነገር ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

እንግዲህ ሳሉ የጀመረበትን ቀን በማስታወሻችሁ ጻፉት። ሐኪሙም አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።