ንብረት ጠባቂውን ስንጠይቅ

እኛ የማኅበራችን የቁጥጥር ኮሚቴ አባሎች ነን። ድሮ ንብረት ጠባቂውን «ማዳበሪያ የሚወጣው በደረሰኝ ነው?» እንለው ነበር። «አዎን» ይለናል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ለካ መልሱን ያጎረስነው እኛው ነበርን።

ዘንድሮ ግን «ማዳበሪያ ከመኪና ሲወርድ ምን ምን ታደርጋለህ? ገበሬው ሊወስድ ሲመጣስ?» አልነውና ዝም ብለን አዳመጥነው።

«ቆጥሬ እረከባለሁ፤ የገቢ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤ በካርዱ ላይ እመዘግባለሁ። ወጪውም እንዲሁ ነው። አምሽቶ ለመጣ ሰው ግን ሰጥቼው በማግሥቱ እጽፋለሁ» አለን።

ይህን ስንሰማ አብረነው ቆጠርን። ካርዱ 60 ከረጢት ይላል፤ መጋዘን ውስጥ ያለው 57 ነው። ሌባ አላልነውም። «ሰሞኑን አምሽተው የመጡት እነማን ናቸው?» ብለን ጠየቅነው። ሁለቱ ወሳጆች ተጠርተው ፈረሙ፤ የሦስተኛው ከረጢት ወሳጅ ግን አልታወቀም።

እንግዲህ ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የት ቦታ መቁጠር እንዳለብን ግን ያመለክተናል።