የልጅ የመጀመሪያ ፀጉር ቆረጣ፦ መቼ ይሁን? ልጁስ ሳይደነግጥ እንዴት?

(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ እናቶች ደጋግማችሁ ያነሣችኋቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የልጄን ፀጉር መቼ ላስቆርጥ? ሲቆረጥስ እንዳይደነግጥ ምን ላድርግ? እኔ የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሂሳቡን የምሠራለት እዚያው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለሆነ ብዙ ሕፃናት ሲቆረጡ አይቻለሁ። የራሴንም ሁለት ልጆች አስቆርጫለሁ። የጤናውን ነገር ደግሞ ነርሶችን ጠይቄ ተረድቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው። እንደየእምነታችንና እንደየባህላችን ልማዱ ይለያያል። ሙስሊም እህቶቻችን ሕፃኑ በተወለደ በ7ኛው ቀን ይላጩታል። ሌሎቻችን ዓመት እስኪሞላው እንጠብቃለን። በጤና በኩል ግን ፀጉር በዚህ ቀን ካልተቆረጠ የሚባል ነገር የለም። «ካልተላጨ ፀጉሩ ሳስቶ ይቀራል» ሲባል እንሰማለን። ፀጉር የሚያድገው ከቆዳው ሥር ካለው ሥሩ ነው፤ ምላጭና መቀስ ደግሞ ከቆዳው በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚነኩት። ስለዚህ መላጨት ፀጉርን አያወፍርም፣ አያበዛምም። ልጁ ሲወለድ የነበረው ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሱ ይረግፍና ሌላ ይተካዋል፤ ተላጭቶ የበቀለው «ወፍራም» የሚመስለን በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ስለ እርግብግቢትም ጠይቃችኋል። እናቶቻችን እዚያ ላይ ቁንጮ ይተዉ ነበር። በአብዛኞቹ ልጆች ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይገጥማል። ከዚያም በፊት ቢሆን በላዩ ያለው ሽፋን ጠንካራ ስለሆነ ፀጉሩን በቀስታ መቁረጥ አይጎዳውም። መጠንቀቅ ያለብን መጫንን ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ የማያስገድደው ሰው ልጁ አንገቱን አጽንቶ ብቻውን መቀመጥ እስኪችል ቢቆይ ይሻላል፤ ራሱ የሚወዛወዝ ልጅ ላይ ስለት መያዝ ለቆራጩም ከባድ ነው።

ቀኑን ስትመርጡ የበዓል ዋዜማን ተዉት። ፀጉር ቤቱ ይጨናነቃል፣ ልጁ ወረፋ ሲጠብቅ ይሰለቻል፣ ቆራጩም ይቸኩላል። ክትባት በወሰደበት፣ ትኩሳት ባለበት ወይም ጥርስ በሚያሳክከው ቀንም አይሁን። ጥሩው ሰዓት ተኝቶ ተነሥቶ፣ በልቶ የጠገበበት ነው፤ በእኔ ልምድ የሥራ ቀን ረፋድ ላይ።

አሁን ወደ ልቅሶው ልምጣ። ልጁ የሚያለቅሰው አሞት አይደለም፤ ፀጉር ሲቆረጥ አያምም። የሚያስፈራው የቶንዶሱ ድምፅ ነው። ቶንዶሱ ራሱን ሲነካው ንዝረቱ በአጥንቱ በኩል ስለሚያልፍ፣ በተለይ ጆሮው አካባቢ፣ እኛ ከምንሰማው በላይ ይጮህበታል። ሁለተኛው አንገቱ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ነው፤ እጁን ይሸፍንበታል። ሦስተኛው የማያውቀው ሰው ከኋላው መቆሙ ነው። እነዚህን ሦስቱን አንድ በአንድ ካቃለልንለት አብዛኛው ልቅሶ ይቀራል።

የትንሹ ልጄን ልንገራችሁ። 18 ወር ሲሆነው ነው ያስቆረጥኩት። ከአንድ ሳምንት በፊት ወንድሜን አሮጌ ቶንዶስ አስመጣሁት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሳይበራ እንዲጫወትበት ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ራቅ አድርጌ አበራሁትና ድምፁን ብቻ ሰማ። በአራተኛው ስለቱን ሳይሆን ጀርባውን በእኔ ክንድ ላይ፣ ቀጥሎ በእሱ ክንድ ላይ አስነካሁት። በአምስተኛው ጀርባውን ማጅራቱ ላይ አስነካሁትና ሳቀ። በየቀኑ ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም፤ ፊቱን ማጨማደድ ሲጀምር ወዲያው አቆም ነበር።

ከቆረጣው በፊት በነበረው ምሽት ራሱን አጠብኩት፤ ቅባትም አልቀባሁትም። ቅባት ያለው ፀጉር የቶንዶሱን ጥርስ ይይዘዋል፤ የያዘ ቶንዶስ ደግሞ ይነጫል፤ ያን ጊዜ እውነትም ያማል። ፀጉር ቤት ስንደርስ ታላቁ በፊቱ ተቆረጠ፤ እሱ እያየ ዳቦውን በላ። ከዚያ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ደረቱን ወደ ደረቴ አዙሬ ታቀፍኩት። በጨርቁ ፋንታ የራሴን ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁ፤ እጆቹ ነፃ ነበሩ። ወንድሜ ስለቱን በእጁ አንጓ ላይ አስነክቶ አለመጋሉን አየ፤ ብዙ የሠራ ቶንዶስ ይግላል። ከማጅራቱ ጀመረ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ጆሮ ግንዱን መጨረሻ አደረገው፤ እሱንም በመቀስ። ጆሮውን በመዳፉ እጥፍ አድርጎ ይሸፍነው ነበር። ሁሉም አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በመጨረሻ ትንሽ አለቀሰ፤ ስንጨርስ ግን በመስታወቱ እየተጫወተ ነበር።

ልጁ አልረጋ ቢልስ? ማልቀስና መንቀጥቀጥ ይለያያሉ። እያለቀሰ ወደ እናቱ የሚለጠፍ ልጅ ትንሽ ቢዘፈንለት ይረጋል። ጀርባውን ለጥጦ የሚወራጭ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን አቁሙ። ራሱን በግድ አስይዞ መጨረስ በሚቀጥለው ጊዜ በሩ ላይ ሲደርስ እንዲያለቅስ ያደርገዋል። ግማሽ የተቆረጠ ፀጉር ሦስት ቀን ቢቆይ ምንም አይሆንም። ለዚህም አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ምክር አለኝ፦ ክፍያውን ከመጀመሩ በፊት ስጡ፤ «ካልረጋ ነገ እንጨርሳለን» ብላችሁም ተነጋገሩ። ያን ጊዜ ቆራጩም አይቸኩልም፣ እናንተም አትሳቀቁም።

ሳትቆርጡ ራሱን በብርሃን እዩት። ክብ ሆኖ የረገፈ፣ የሚፈረፈር፣ ፀጉሩ ከሥሩ የተሰባበረበት ቦታ ካለ ጭርት ሊሆን ይችላል። ሲላጭ አይድንም፤ ቅባትም ብቻውን የፀጉሩ ሥር ድረስ አይደርስም። የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚያስፈልገው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በቶንዶስም ወደ ሌላ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህም ቶንዶሱ ከፀጉር ጸድቶ በአልኮል ሲጠረግ በዓይናችሁ እዩ፤ አልኮሉም ይድረቅ። ምላጭ ከሆነ ከማሸጊያው ሲወጣ ካላያችሁ እሺ አትበሉ። ለትንሽ ልጅ ግን ምላጭ ባይነካው እመርጣለሁ፤ በቶንዶስ አጠር ማድረግ ይበቃል። በሌላ ሰው ላይ የዋለ ምላጭ ልጁን ካደማው ቦታውን በውኃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ በሽታ ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነውና።

ቤት ስትገቡ ወዲያው እጠቡት፤ አንገቱ ላይ የቀረችው ብናኝ ስለምታሳክከው ነው ማታ የሚነጫነጨው። ለጥቂት ቀናትም ከፀሐይና ከብርድ ኮፍያ ይሸፍነው።

 ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።