«0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያና የጀማሪ ኢሜይል

እሱ፦ «ምንም የሥራ ልምድ ባይኖረኝም» ብሎ የሚጀምር የማመልከቻ ኢሜይል ያሳዝነኛል። ማስታወቂያው እኮ «0 ዓመት» ይላል!

እሷ፦ እሺ፣ በአካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት ስታመለክት ምን ትበል?

እሱ፦ ርዕሱ ላይ የሥራ መደቡን ከነማስታወቂያ ቁጥሩ ትጻፍ። ከዚያ በእጇ የሠራችውን፦ «በተግባር ልምምድ ወቅት የጥቃቅን ወጪ ደረሰኞችን እየመዘገብኩ ከቀሪው ጥሬ ገንዘብ ጋር አመሳክር ነበር።» ቀጣሪው ይህን ሲያነብ በመጀመሪያው ቀን ምን ሥራ እንደሚሰጣት ያውቃል። «ታታሪ ነኝ» ግን ምንም አይነግረውም።

እሷ፦ ፒችትሪስ?

እሱ፦ ክፍል ውስጥ ብቻ ከነካችው «በክፍል ተለማምጄዋለሁ» ትበል። «በደንብ እችላለሁ» ካለች የተግባር ፈተናው ላይ ይታወቅባታል።

እሷ፦ የሲቪውን ፋይልም በስሟ ትሰይመው፤ «ሲቪ» ብቻ ከተባለ ከሌሎቹ ጋር ይደባለቃል።