ከአንድ የምዝገባ ገጽ ፎቶ ስንት ፈተና ይወጣል?

በማኅበራችን የሥራ ዝግጅት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር

ወላጆችም ስላላችሁ በአማርኛ ነው የማወራው። የሥራው ቃላት ግን በቢሮ እንደሚጠሩት ይሁኑ፤ ሲስማን ሲስማ፣ ቴስት ኬዝን ቴስት ኬዝ እላለሁ።

ሶፍትዌር ፈታሽ ሆኖ ለመቀጠር የሚሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይሰጠዋል። የአንድ ድረ ገጽ የምዝገባ ፎርም ስክሪንሾት ይልኩለትና «ለዚህ ቴስት ኬዝ ጻፍ» ይሉታል። ሊንክ የለም፣ የሚጫን ነገር የለም፣ ማብራሪያም የለም። ፎቶው ብቻ። ልጁ ቶሎ ብሎ «ስም ሲሞላ መሥራት አለበት፣ ስም ሳይሞላ መሥራት የለበትም» እያለ በየሳጥኑ ሁለት ሁለት መስመር ይጽፍና ይልካል። መልስ አይመጣም። ለምን እንዳልመጣ ዛሬ በአንድ ፎርም ላይ እንየው።

ፎርሙን ለዛሬ እኔው ሠርቼዋለሁ፤ እስክሪኑ ላይ ይታያችኋል። የማታ ኮርስ መመዝገቢያ ነው እንበል። ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የተዑዳት ዜሁት ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ ፕላፎን፣ ኢሜይል፣ ሲስማ፣ ሲስማውን እንደገና፣ «በደንቡ እስማማለሁ» የሚል ትንሽ ሳጥን፣ ከታች ቁልፍ። ከሲስማው ሥር «ከ8 እስከ 20 ቁምፊ፣ ቢያንስ አንድ ቁጥር» ይላል። ከትውልድ ቀኑ አጠገብ «ከ18 ዓመት ጀምሮ» ይላል። አንዳንዶቹ ላይ ኮከብ አለ።

ቴስት ኬዝ ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል ፎቶው ላይ በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ፤ ኮከቡን፣ 8ን፣ 20ን፣ 18ን። በሌላው በኩል ፎቶው የማይነግራችሁን ጻፉ። ስም እስከ ስንት ፊደል ይፈቅዳል? በዕብራይስጥ ብቻ ነው ወይስ በላቲንም? ስሕተት ሲኖር መልእክቱ የት ይወጣል? ይኼ ሁለተኛው ዝርዝር ከቴስት ኬዙ ጋር አብሮ ይላካል። ፈታኙ የሚፈልገው ያላየኸውን እንዳየህ አድርገህ እንዳትጽፍ ነው። «ስም ከ30 ፊደል በላይ አይቀበልም» ብሎ የጻፈ ሰው 30ን ከየት አመጣው?

አሁን ወደ ሲስማው እንግባ፤ ገደቡ በግልጽ የተጻፈበት ሳጥን እሱ ነውና። ከ8 እስከ 20 ካለ ከ8 እስከ 20 ያለውን ሁሉ መሞከር አያስፈልግም። 11 የሚሠራ ከሆነ 12ም ይሠራል። የሚበላሸው ጠርዙ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው «ከ8 ይበልጥ» እና «8 ወይም ከዚያ በላይ» የሚሉትን ሁለቱን በአንድ ምልክት ልዩነት ነው የሚጽፋቸው፣ ያችን ምልክት መርሳት ደግሞ ቀላል ነው። ስለዚህ አራት ሲስማ ይበቃናል፤ 7፣ 8፣ 20 እና 21 ቁምፊ ያላቸው።

```
Tena246                  7   አይቀበልም
Tena2468                 8   ይቀበላል
Tena2468Tena2468Tena     20  ይቀበላል
Tena2468Tena2468Tena2    21  አይቀበልም
```

ሲስማውን ራሱን እንደጻፍኩት ልብ በሉ። «አጭር ሲስማ አስገባ» ብላችሁ አትተዉት። ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ወረቀት ይዞ ያንኑ ፈተና መድገም መቻል አለበት።

ከዚያ የቁጥሩ ሕግ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው `Tena` ብሎ ይሞክርና «አልተቀበለም፣ ጥሩ» ይላል። እንዴ፣ በየትኛው ምክንያት ነው ያልተቀበለው? አጭርም ነው፣ ቁጥርም የለውም። የቁጥሩ ሕግ ጭራሽ ባይሠራ እንኳ በአጭርነቱ ይጣላል፣ እናንተም አታውቁም። ስለዚህ በአንድ ቴስት ኬዝ አንድ ሕግ ብቻ ይጣስ፤ ሌላው ሁሉ ትክክል ይሁን። `TenaTena` ርዝመቱ 8 ነው፣ የጎደለው ቁጥር ብቻ ነው። እሱን ከተቀበለ ጥፋቱ የት እንዳለ ወዲያው ይታወቃል።

ስለ 21ዱ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሳጥን 21ኛውን ቁምፊ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። ሲስማው በነጥብ ስለሚሸፈን ተመዝጋቢው መቆረጡን አያይም፤ «ተመዝግበሃል» ይለዋል። በማግስቱ ሊገባ ያንኑ 21 ሲጽፍ የመግቢያው ገጽ ካልቆረጠው «ሲስማው ስሕተት ነው» ይለዋል። ሰውየው ደግሞ አልተሳሳተም። የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ በ21 ተመዝገቡ፣ ከዚያ አንዴ በ21ዱ፣ አንዴ በመጀመሪያዎቹ 20 ለመግባት ሞክሩ። በ20ው ከገባ ቆርጦታል ማለት ነው። የሚጠበቀውን ውጤት ስትጽፉም «አይቀበልም» ብቻ አትበሉ፤ «መልእክት ከሳጥኑ ሥር ይወጣል፣ አካውንት አይከፈትም፣ ሌሎቹ ሳጥኖች የተሞሉት አይጠፋም» በሉ።

ወደ ተዑዳት ዜሁት እንሂድ። ፎቶው ላይ ምንም ገደብ አልተጻፈም፣ ግን እዚህ አገር የምንኖር ሁላችን 9 አሃዝ መሆኑን እናውቃለን። ብዙዎች የማያውቁት የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ ስምንት በስሌት የሚመጣ መሆኑን ነው። ከግራ ጀምሮ አሃዞቹን በ1፣ በ2፣ በ1፣ በ2 እያፈራረቅን እናባዛለን። ብዜቱ ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነ ሁለቱን እንደምራለን፤ 12 ቢመጣ 3 ይሆናል። ሁሉም ተደምሮ ለ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት።

```
አሃዝ    1 2 3 4 5 6 7 8 2
ማባዣ   1 2 1 2 1 2 1 2 1
ውጤት   1 4 3 8 5 3 7 7 2   ድምር 40
```

40 ለ10 ይካፈላል፣ ስለዚህ `123456782` ፈተናውን ያልፋል። የመጨረሻዋን 2 ወደ 3 ለውጡና `123456783` አስገቡ፤ አሃዙ ዘጠኝ ነው፣ ድምሩ ግን 41 ነው፣ መጣል አለበት። ከተቀበለው ፎርሙ አሃዝ ብቻ ነው የሚቆጥረው ማለት ነው።

ሁለተኛው `012345674` ነው። ድምሩ 30 ነው፣ ትክክል ነው፣ ግን በዜሮ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ይህንን እንደ ሒሳብ ቁጥር ካስቀመጠው የፊቷ ዜሮ ትጠፋና ስምንት አሃዝ ይቀራል። ስለዚህ ፎርሙ ተቀበለ ብላችሁ አትቁሙ፤ ከተመዘገባችሁ በኋላ የግል መረጃ ገጹን ከፍታችሁ ዜሮዋ መኖሯን እዩ። ሦስተኛው ደግሞ ፈታኙን ፈገግ የሚያሰኘው ነው፤ ዘጠኝ ዜሮ። ድምሩ 0 ነው፣ 0 ደግሞ ለ10 ይካፈላል፣ ስሌቱን ያልፋል። ማንም ግን ዜሁቱ ዘጠኝ ዜሮ አይደለም።

የትውልድ ቀን ላይ ጠርዙ ከዕለቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። ፈተናውን በ15.3.2026 ብትሠሩት፣ በ15.3.2008 የተወለደ ልጅ ዛሬ 18 ሞላው፣ ይገባል። በ16.3.2008 የተወለደው ነገ ነው የሚሞላው፣ አይገባም። እንዲህ ያለ ቴስት ኬዝ ላይ ቀኑን ብቻ ጽፋችሁ ከላካችሁ በሚቀጥለው ወር ዋጋ የለውም፤ «ፈተናው ከሚደረግበት ቀን ልክ 18 ዓመት በፊት» ብላችሁ ጻፉ። በተጨማሪ 29.2.2004 ያለ ቀን ነው፣ 29.2.2003 ግን የለም።

አሁን ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉ እናቶችና አባቶች ከእኔ በላይ የሚያውቁት ጉዳይ። ከኢትዮጵያ የመጡ አንዳንድ ትልልቆቻችን ቀንና ወሩ ስላልታወቀ ዜሁታቸው ላይ በ00.00 ነው የተመዘገቡት፤ ዓመቱ ብቻ ነው ያለው። ፎርሙ ደግሞ ቀኑን ከ1 እስከ 31፣ ወሩን ከ1 እስከ 12 ከዝርዝር ምረጡ ይላል። 00 የለም። ሰውየው 1.1 ብሎ ቢመርጥ ይመዘገባል፣ ግን መረጃው ከዜሁቱ ጋር አይገጥምም፤ ሁለቱን የሚያነጻጽር ሥርዓት ካለ እዚያ ይጣላል። ቴስት ኬዙ እንዲህ ይጻፋል፤ ተመዝጋቢው ዕድሜው 60 የሆነ፣ ዜሁቱ ላይ ቀንና ወሩ 00 የሆነ ሰው ነው፣ ትክክለኛ መረጃውን አስገብቶ እስከ መጨረሻው መድረስ ይችላል ወይ? የሚጠበቀውን ውጤት ፎቶው አይነግረንም፣ ስለዚህ ወደ ጥያቄው ዝርዝርም ይገባል። አንዲት እናት ቅድም «ታዲያ እኛ ስንሞላ እምቢ የሚለን ፕሮግራሙ ነው እንጂ እኛ አይደለንም?» ብለው ጠይቀውኛል። አዎ እማዬ፣ ፕሮግራሙ ነው። እርስዎ ያለዎትን ነው የሞሉት።

የስም ሳጥንም እንደዚሁ ነው። ጀምበር ወይም ጫኔ የሚለውን ስም በዕብራይስጥ ስትጽፉ ከመጀመሪያው ፊደል አጠገብ ጌሬሽ ትመጣለች። ጌሬሿ የራሷ ምልክት አላት `׳`፣ ብዙ ሰው ግን ከኪቦርዱ የላቲኑን `'` ነው የሚጽፈው። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው። ሁለቱንም ሞክሩ፤ «ፊደል ብቻ ይፈቀዳል» ብሎ የሚጥል ፎርም ያጋጥማል። የላቲኗ ምልክት በተለይ የመረጃ ቋት ትእዛዝ ውስጥ ጽሑፍ መክፈቻና መዝጊያ ስለሆነች፣ በጥንቃቄ ያልተሠራ ሥርዓት እሷን ሲያገኝ ሊሰበር ይችላል። ያን ጊዜ የሚታየው ከሳጥኑ ሥር የሚወጣ መልእክት ሳይሆን ነጭ ገጽ ወይም `500` የሚል ስሕተት ነው። ከዚያ ባዶ ቦታ ብቻ የተሞላ ስምና በመካከሉ ሰረዝ ያለው የቤተሰብ ስም ይበቃችኋል።

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው። ፕላፎን 10 አሃዝ በ05 የሚጀምር ነው፤ በ9፣ በ10፣ በ11 ሞክሩ፣ በ`+972` ሲጻፍ የፊቷ 0 እንደምትወድቅ አትርሱ። ኢሜይል ላይ `@` የሌለውን ሁሉም ይጽፋል፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ቀድሞ የተመዘገበውን ኢሜይል በትልልቅ ፊደል እንደገና ማስገባት ነው። የደንቡ ሳጥን ሳይነካ ቁልፉን ተጫኑ። ሁሉንም ሞልታችሁ ደግሞ ቁልፉን በፍጥነት ሁለቴ ተጫኑና ሁለት አካውንት ተከፍቶ እንደሆነ እዩ።

ስትልኩት ቅደም ተከተሉን አስቡበት። መጀመሪያ ሁሉም በትክክል ተሞልቶ ምዝገባው የሚያልቅበት አንድ ቴስት ኬዝ ይግባ፤ እሱ ካልሠራ ሌላው ምንም አይጠቅምም። ቀጥሎ ሰውን ከበር የሚመልሱት፣ ማለትም ዜሁቱ፣ ትውልድ ቀኑና ሲስማው። የመልእክቱ ቀለምና የቁልፉ ስፋት መጨረሻ ላይ ይሁኑ። ሁለተኛውን ዝርዝር፣ የጥያቄውን፣ በራሱ ገጽ ላይ አድርጉት፤ በቃለ መጠይቁ ላይ መጀመሪያ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አሁን ፎርሙ እስክሪኑ ላይ ይቆይ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ የኢሜይሉን ሳጥን ውሰዱና እንሥራው።