ጭነቱ በየት በኩል ይሄዳል? በትረስ ድልድይ ውስጥ የሚወጠሩትንና የሚታመቁትን ብረቶች ስለ መለየት

በአቃቂ ቃሊቲ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ሙሉ ቃል



የዛሬውን ንግግር በአቃቂ ቃሊቲ ማድረጋችን ለርእሱ የሚስማማ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በዚሁ በአቃቂ በኩል ነበር ያለፈው። ዛሬም ወደዚህ ስትመጡ ካለፋችኋቸው መጋዘኖች ወደ አንዱ ገብታችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ብታዩ፣ በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን የተያያዙ ብረቶችን ታገኛላችሁ። ይህ አሠራር ትረስ ይባላል። ጣሪያ ላይ ሲሆን የሚሸከመው ጭነት በአብዛኛው ባለበት የሚቆይ ነው። ድልድይ ላይ ሲሆን ግን ጭነቱ ይሄዳል፤ የዛሬው ጉዳያችን የሚጀምረውም ከዚህ ልዩነት ነው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «የላይ አግዳሚ ይታመቃል፣ የታች አግዳሚ ይወጠራል» የሚለውን ደንብ በቃላቸው ይዘው ወደ ፈተና ይገባሉ። ደንቡ በብዙ ድልድዮች ላይ ይሠራል። ነገር ግን ውጥረትና እመቃ የብረቱ ጠባይ አይደሉም፤ ጭነቱ ወደ ድጋፉ የሚሄድበት መንገድ ውጤት ናቸው። መንገዱ ሲለወጥ የተወጠረው ሊታመቅ ይችላል። ይህን ያልጠበቀ ነዳፊ ምን እንደሚያጋጥመው ለማየት አንድ ትንሽ ድልድይ አብረን እንመርምር።

እባካችሁ በሰሌዳው ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ። ይህ ከድልድዩ ሁለት ጎኖች የአንደኛው ትረስ ነው። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ነው። ከታች በየ3 ሜትሩ አምስት አንጓዎች አሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ብያቸዋለሁ። ሀ እና ሠ በድጋፎቹ ላይ ያረፉ ናቸው። ከላይ ሦስት አንጓዎች አሉ፤ ረ ከለ በላይ፣ ሰ ከሐ በላይ፣ ሸ ከመ በላይ። ከሀ ወደ ረ እና ከሠ ወደ ሸ ሁለት የጫፍ ሰያፎች ይወጣሉ። ከረ እና ከሸ ደግሞ ሁለት የውስጥ ሰያፎች ወደ መካከለኛው አንጓ ወደ ሐ ይወርዳሉ። ሦስቱ ቋሚዎች የላዩን ከታቹ ያገናኛሉ።

አሁን በለ፣ በሐ እና በመ ላይ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎኒውተን፣ ማለትም ወደ 10 ቶን ገደማ የሚመዝን ጭነት እናኑር። ጠቅላላው 300 ነው፤ ቅርጹም ጭነቱም ሚዛናዊ ስለሆኑ እያንዳንዱ ድጋፍ 150 ይሸከማል። ጥያቄው በመካከል ሐ ላይ ያለው ጭነት 6 ሜትር ርቆ ወዳለው ድጋፍ በየት በኩል ይደርሳል የሚለው ነው።

ሐ ላይ ያለው ጭነት ወደ ታች ሊወርድ አይችልም፤ ከበታቹ የሚይዘው የለም። ስለዚህ በሁለቱ የውስጥ ሰያፎች ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ይወጣል። ግማሹ ወደ ረ፣ ግማሹ ወደ ሸ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሰያፍ 50 ወደ ላይ ማንሣት አለበት፤ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ ግን በርዝመቱ የሚይዘው 71 ነው፣ በውጥረት። ለ ላይ ያለው 100ም እንዲሁ በቋሚው ረለ ተንጠልጥሎ ወደ ረ ይወጣል፤ ያም ቋሚ ይወጠራል። አሁን ረ ላይ 150 ተሰብስቧል። ከዚያ በጫፉ ሰያፍ ወደ ሀ ይወርዳል። ይህ ሰያፍ እንደ ምርኩዝ ነው፤ ጭነቱ ከላይ ተጭኖት መሬቱን ይገፋል። በእርሱ ውስጥ ያለው እመቃ 212 ነው።

ሀ ሲደርስ 150ው ወደ ድጋፉ ይገባል፤ ጉዞው ግን ገና አላለቀም። ያዘነበለ ምርኩዝ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ይገፋልና። ያን የጎን ግፊት የሚይዘው የታች አግዳሚ ነው፤ ሁለቱን እግሮች እንደ ጠፍር አስሮ 150 ይወጠራል። ረ ላይ ደግሞ የጫፉ ሰያፍ 150 ወደ መካከል ይገፋል፣ የውስጡም ሰያፍ 50 ወደዚያው ይስባል፤ ሁለቱን የሚቋቋመው የላይ አግዳሚ ነው፣ በ200 እመቃ። ደንቡ የመጣው ከዚህ ነው። የላዩ ላይ ስለሆነ አልታመቀም፤ የሚገፋፉት ሁለቱ ወገኖች በእርሱ በኩል ስለተገናኙ ነው።

አንድ ብረት ቀርቷል፤ የመካከሉ ቋሚ ሰሐ። አንጓ ሰን ብቻውን ብትመለከቱት ከግራና ከቀኝ ሁለት አግዳሚዎች እኩል ይገፉታል፤ ከላይ ጭነት የለበትም። ስለዚህ ቋሚው የሚሸከመው ዜሮ ነው። ታዲያ ለምን ተቀመጠ? የላዩ አግዳሚ ከረ እስከ ሸ 6 ሜትር ነው። የሚታመቅ ቀጭን ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ከመጉበጡ በፊት የሚችለው ኃይልም ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቋሚው በመካከል ይዞት አንዱን 6 ሜትር ሁለት 3 ሜትር አድርጎታል። «ሥራ የለውም» ተብሎ ቢቆረጥ በስሌቱ ወረቀት ላይ ምንም ቁጥር አይለወጥም፤ ድልድዩ ግን ከትረሱ ገጽ ጋር በሚሄደው አቅጣጫ አራት እጥፍ ደክሟል። ወደ ጎን መጉበጥን የሚከላከለው ደግሞ ሁለቱን ትረሶች የሚያያይዘው የጎን ማሰሪያ ነው።

አሁን ተሽከርካሪው ይግባ። የድልድዩ የራሱ ክብደት በሦስቱ የታች አንጓዎች ላይ 30፣ 30 ነው እንበል። አንድ የጭነት መኪና ከግራ ገብቶ በዚህ ትረስ ላይ 100 እያሳረፈ ለ ላይ ደረሰ። ድልድዩ ባዶ ሳለ የውስጡ ሰያፍ ረሐ የሐን ግማሽ፣ 15፣ ወደ ላይ እየሳበ በውጥረት ላይ ነበር። መኪናው ለ ላይ ሲቆም ግን ከ100ው 75 ወደ ቅርቡ ወደ ሀ ይሄዳል፣ 25 ደግሞ ወደ ሩቁ ወደ ሠ ይጓዛል። ያ 25 ከረ ተነሥቶ ወደ ቀኝ የሚሻገርበት መንገድ ረሐ ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ ወደ ታች ይገፋል። 15 ወደ ላይ፣ 25 ወደ ታች፤ ልዩነቱ 10 ነው። በሰያፉ ርዝመት ሲሰላ 14 ኪሎኒውተን እመቃ ይሆናል። መኪናው ወደ ሐ ሲሄድ ሰያፉ እንደገና ይወጠራል። አንድ መኪና በአንድ ጉዞ ያንኑ ብረት አምቆት፣ መልሶ ወጥሮት አለፈ ማለት ነው።

14 ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ነዳፊው «ይህ የውጥረት ብረት ነው» ብሎ 100 በ10 ሚሊሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት አድርጎበት ከሆነስ? ብረቱ በውጥረት እስከ 235 ኪሎኒውተን ይችላል፤ ከበቂ በላይ ነው። ርዝመቱ ግን 4.24 ሜትር ነው። በኦይለር ቀመር ብናሰላው በእመቃ የሚችለው ከ1 ኪሎኒውተን በታች ነው። በ14 ፊት ቆሞ አይጠብቅም። አሁን በዚያው የብረት መጠን አካባቢ 80 በ80፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ እንውሰድ። የመጉበጫ ኃይሉ ወደ 100 ኪሎኒውተን ይደርሳል። በተግባር ብረቱ ፍጹም ቀጥ ያለ ስላልሆነ የንድፍ ደንቦች ከዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ልዩነቱ ግን ያው ነው። ብረቱ አልጨመረም፤ ከመካከል ወደ ዳር ተበተነ እንጂ።

በአገራችን መንገዶች ድልድይ በጎርፍ ሲወሰድ በጊዜያዊነት የሚተከለው ተገጣጣሚው የቤይሊ ድልድይ ይህን ጉዳይ በራሱ መንገድ ፈትቶታል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዶናልድ ቤይሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነደፈው ሲሆን፣ አንዱ ክፍል 3.05 ሜትር ርዝመትና 260 ኪሎግራም ገደማ ክብደት አለው። ያው ክፍል በድልድዩ መካከልም በጫፉም ሊገባ ስለሚችል የትኛው ሰያፉ እንደሚወጠር አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ሰያፎቹ አጫጭርና ለሁለቱም ኃይል የሚበቁ ሆነው ተሠርተዋል። እንዲህ ያለ ድልድይ ስታቋርጡ በተሽከርካሪ ተገጭቶ የጎበጠ ሰያፍ ካያችሁ አትናቁት። የጎበጠ ብረት ሲወጠር ሊቃና ይሞክራል፤ ሲታመቅ ግን ጉብጠቱ ይብሳል።

በቃል የተያዘው ደንብ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳየው በካናዳ ሲሠራ የነበረው የኬቤክ ድልድይ ነው። ድልድዩ ክንዶቹን ከምሰሶው ወደ ወንዙ የዘረጋ ስለነበር መንገዱ ተገላቢጦሽ ነው፤ የላዩ አግዳሚ ይወጠራል፣ የታቹ ይታመቃል። በነሐሴ 1907 እ.ኤ.አ. ከታች አግዳሚዎች በአንዱ ላይ ወደ 19 ሚሊሜትር የነበረ ጉብጠት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ50 ሚሊሜትር ማለፉ ተለካ። መሐንዲሶቹ ብረቱ ቀድሞውኑ ጎባጣ ነበር ወይስ አሁን ነው የጎበጠው እያሉ ሲጻጻፉ፣ በወሩ 29ኛ ቀን ድልድዩ ወደቀ። 75 ሠራተኞች ሞቱ። በኋላ በተደረገው ምርመራ የታቹን አግዳሚ ክፍሎች የሚያያይዙት ማሰሪያዎች ደካማ እንደነበሩ፣ የድልድዩም የራሱ ክብደት ከእውነተኛው አሳንሶ መገመቱ ተረጋገጠ። እዚያ መጠየቅ የነበረበት «ጉብጠቱ መቼ መጣ?» ሳይሆን «ይህ ብረት ይታመቃልን?» የሚለው ነበር። የሚታመቅ ከሆነ፣ እያደገ የሚሄድ ጉብጠት ሥራ የሚያስቆም ምልክት ነው።

ስለዚህ የድልድይ ሥዕል ስትቀበሉ ከስሌቱ በፊት ጭነቱን በጣታችሁ ተከተሉት፤ ከአንጓው ተነሥታችሁ እስከ ድጋፉ ድረስ። በምትደርሱበት በእያንዳንዱ ብረት ላይ ብረቱን በገመድ ብንተካው ይሠራልን ብላችሁ ጠይቁ። ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ገመዱ የሚረግብ ከሆነ ብረቱ ታማቂ ነው። ከዚያ ጭነቱን ወደ ቀጣዩ አንጓ አዛውሩና ጥያቄውን ድገሙት። መልሱ የሚለወጥበትን ብረት ስታገኙ ክበቡት፤ ለሁለቱም ኃይል ሊነደፍ የሚገባው እርሱ ነው። በሰሌዳው ላይ ባለው ሥዕል ረሐንና ሸሐን በቀይ የከበብኋቸው ስለዚህ ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።