ከትዝታ ዝርዝር የወጣ የስንብት ቃል
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ስድስት ልጆች መጥተው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን 60 ዓመት ሞልቷት ጡረታ ስለምትወጣ፣ ለስንብቷ በስልክ ቪዲዮ ሊያነሱላት አስበዋል። «እርስዎ ጸሐፊ ነበሩና ቃሉን ያስተካክሉልን» አሉኝ። ሊቀመንበራችን አሠራሩን ለአባላት ንገር ስላሉኝ እነሆ።

ወረቀቱ ላይ 14 ነገር ተጽፏል። ግማሹ «ደግ ናት»፣ «ሰዓት ታከብራለች»፣ «እንደ እናታችን ናት» የሚል ነው። ይህ ለማንም ይባላል። ስለዚህ አንድ በአንድ እየጠራሁ «ምን ስታደርግ አየሃት? የት?» አልኩ። «ደግ ናት» ያለው ልጅ ትንሽ አሰበና፣ ገና ተቀጥሮ ደመወዝ እስኪወጣለት ድረስ ምሳዋን በሣህኗ ክዳን ላይ እያካፈለች ታበላው እንደነበር ነገረኝ። በቃ፣ «ደግ» የሚለውን ሰርዤ ክዳኑን ጻፍኩ።

አምስተኛው ላይ «የጠፋ ደብዳቤ አገኘች» ይላል፤ ሌላ የለውም። ነገሩ ግን ትልቅ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ የቅጥር ደብዳቤያቸው ከማኅደራቸው ስለጠፋ የ8 ዓመት አገልግሎት ለጡረታ አልታሰብ ብሏቸው ይመላለሱ ነበር። እሷ ምድር ቤት ወርዳ የድሮውን የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ገጽ በገጽ አየች። ቁጥሩንና ቀኑን አገኘች። በዚያው ቀን የተቀጠሩትን ሰዎች ማኅደር ብታገላብጥ ደብዳቤው ከአንዱ ውስጥ በስሕተት ታስሮ ተገኘ።

ልጆቹ ይህን «ባልደረባችን ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ብለው ጀምረውት ነበር። እንዲህ ያለው ለሰርኩላር ነው እንጂ ፊት ለፊት ለሚያዩት ሰው አይሆንም። እንዲህ አደረግሁት፤

«እትዬ፣ ሦስት ቀን ምድር ቤት ዋሉ። ሲወጡ ነጠላዎ አቧራ ለብሷል። ደብዳቤውን ለአባባ ሰጡና ‹ፈርመው ይውሰዱ› ብቻ አሉ። እሳቸው እግርዎ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ቀና አድርገው ወንበር ሰጧቸው።»

አንዱን ግን አወጣሁት። ደመወዟ ተቀጥቶ ያለቀሰችበትን ቀን ነው። «አሁን እሷም ትስቅበታለች» አሉኝ። በቢሮ ሻይ ላይ ትስቅ ይሆናል፤ ቪዲዮውን ግን ልጆቿና የልጅ ልጆቿ አጠገቧ ተቀምጠው ነው የሚያዩት።

እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዳይናገር በሰዓት ለካሁ፤ ግማሽ ገጽ እንኳ በዝቶ ተገኘ። ወረቀት ይዘው ሲናገሩ ዓይናቸው ይሰበራል፣ ድምፃቸውም የትምህርት ቤት ንባብ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሁለቴ በቃል አስባልኳቸውና ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። መስኮቱም ተዘጋ፣ የመኪናው ጩኸት ቃል ይበላልና።

የሚያስቀው ከፊት ሆነ፤ የደብዳቤው መጨረሻ። ዘበኛው አርፈዋል። ልጃቸውን አፈላልገን አመጣናት፤ እኔ ምንም አልጻፍኩላትም። ስልኩን አየችና «አባቴ ጡረታውን እስኪሞት በላ፣ እግዜር ይስጥልን» አለች።