የመስተጋብሩ ሥዕል የት ይቀመጥ? የአግሮኖሚ መመረቂያ ጥናትን በስላይድ ስለማቅረብ



በመመረቂያ ጥናት መከላከያ ዕለት በተደጋጋሚ የማስተውለው ስሕተት የስላይዶቹ ቅደም ተከተል የጽሑፉን ምዕራፎች እንዳለ መከተሉ ነው። ተማሪው ሰብሉ ያሸተተበትን ቀን፣ የተክሉን ቁመትና የዛላውን ርዝመት በየተራ ያሳየናል፤ የእህል ምርቱ ላይ ሲደርስ ግን የተፈቀደለት ሃያ ደቂቃ አልቋል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ ያህል ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ሁለት የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች በአራት የናይትሮጅን መጠኖች፣ ማለትም በሄክታር 0፣ 46፣ 92 እና 138 ኪሎ ግራም፣ በሦስት ድግግሞሽ ተፈትነዋል እንበል፤ በድምሩ 24 መደቦች ናቸው። የረጅሙ ዝርያ ምርት በቅደም ተከተል 21፣ 30፣ 38 እና 33 ኩንታል ሆነ። የአጭሩ ደግሞ 19፣ 28፣ 37 እና 43 ኩንታል። የሁለቱ ምክንያቶች መስተጋብር ጉልህ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ሁለት ነጥቦችን ለማነጻጸር የሚያገለግለው አነስተኛው ጉልህ ልዩነትም 4 ኩንታል ነው።

ተማሪው አስቀድሞ የናይትሮጅንን አማካይ ብቻ ቢያሳይ፣ በ92 ኪሎ 37.5፣ በ138 ኪሎ 38 ኩንታል እናያለን። ተመልካቹም «ከ92 በላይ መጨመር ጥቅም የለውም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ ለአጭሩ ዝርያ ስሕተት ነው፤ 6 ኩንታል ተጨማሪ ምርት ያስቀርበታል። ለረጅሙም ቢሆን የ5 ኩንታል መቀነሱን ይሸሽግበታል። ስለዚህ መስተጋብሩ ጉልህ በሆነ ጊዜ ከውጤቶች ሁሉ ቀድሞ መቅረብ ያለበት የመስተጋብሩ ሥዕል ነው።

ናይትሮጅን በመጠን የሚለካ ስለሆነ በአግድሙ መስመር ላይ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ዝርያም የራሱ መስመር ይኑረው። የ4 ኩንታሉን ልዩነት የሚያሳይ አንድ ቋሚ ዘንግ በሥዕሉ ጥግ ላይ ይሳል።

ከጎኑ በዚያው ስላይድ ላይ፣ በተመሳሳይ አግድም መለኪያ፣ የመጋሸብ መጠኑ በመቶኛ ይቅረብ። ረጅሙ ዝርያ በ138 ኪሎ ላይ ከተጋሸበ፣ ምርቱ ለምን እንደወረደ ተመልካቹ በዓይኑ ያነብበዋል። ሁለቱ ሥዕሎች በተለያዩ ስላይዶች ላይ ከተራራቁ ግን ፈታኙ ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ችግሩና ዓላማው፣ የሙከራው አቀማመጥ፣ የምርቱና የመጋሸቡ ሥዕል፣ ምርቱን የሚያብራሩ ሌሎች መለኪያዎች፣ የወጪና ገቢ ስሌት፣ በመጨረሻም ድምዳሜ። የአኖቫው ሠንጠረዥ ከምስጋናው ስላይድ በኋላ በመጠባበቂያነት ይቀመጥ፤ ሲጠየቅ ይከፈታል።

በድምዳሜው ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአጭሩ ዝርያ መስመር እስከ መጨረሻው መጠን ድረስ እየወጣ ነው። ስለዚህ «138 የተሻለው መጠን ነው» ማለት አይቻልም፤ «ከተፈተኑት መካከል ከፍተኛውን ምርት የሰጠው 138 ነው» ማለት ግን ይቻላል። ሥዕሉ በመጀመሪያ ቦታው ከተቀመጠ፣ ተማሪው ይህን ልዩነት ፈታኙ ሳይጠይቀው ራሱ ይናገረዋል።